ከመተርኮሻዎቹ የተረፈው አሉሚኒየም

ያንን ወርክሾፕ ሳስብ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣብኝ የሲጋራ መተርኮሻ ነው። መተርኮሻዎቹ ከድፍን አሉሚኒየም የተፈለፈሉ ነበሩ፤ መሐላቸው ላይ አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ ጎድጉዶ ተቆፍሮባቸዋል። በአገሪቱ ውስጥ እነሱን እንደፈለፈለው፣ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ማሽን ስንት እንደነበረ አላውቅም፤ እኛ ግን ከባሕር ማዶ መጥቶልን አመድ መጣያ ሠራንበት። ዛሬም አንድ ሰው ሲጋራውን በአንጸባራቂ ነገር ላይ ሲያጠፋ ሳይ አፌ ውስጥ የላምባ ጣዕም ይመጣል።

ዘመኑ የደርግ የመጨረሻ ዓመታት ነበር። ወርክሾፑ ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ ወጣ ብሎ ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ የሚግልበት አዳራሽ ነው። ማሽኑና ኮምፒዩተሩ አብረው በአንድ ሳጥን መጡ፤ የተከለው ፈረንጅም ጥቂት ወራት ቆይቶ አስተማረንና ሄደ። ለመማር የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ለአቅመ ሔዋን ከደረስኩ በኋላ በማታ ትምህርት ነበር። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያስገቡ ነበር። ንድፍ ክፍል ውስጥ መስመር አስምር ነበርና፣ ዝምተኛም ስለሆንኩ ከፈረንጁ ጋር አትጣላም ብለው ሳይሆን አይቀርም የላኩኝ።

ኮምፒዩተሩን ወደድኩት። በአረንጓዴ መስመር አንድን ዕቃ ድፍን አድርጎ ያሳያል፤ ታዞሪዋለሽ፣ ሆዱን ትቆርጪና ውስጡን ታያለሽ። ሥዕል አይደለም፤ ውፍረትም ክብደትም ያለው አካል ነው። ግን ያንን አካል ለማሽኑ ከማስረከቡ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቃል። የምትቆርጪው ጥሬ ብሎክ ስንት በስንት ነው? ልኬቱ ሁሉ የሚቆጠርበት መነሻ ነጥብ የት ነው? የመቁረጫው ውፍረት ስንት ነው? ሦስቱን ከመለስሽ የመቁረጫውን መንገድ ያወጣና ቀዳዳ በቀዳዳ በሆነ የወረቀት ጥብጣብ ላይ ይበሳልሻል። ጥብጣቡን ማሽኑ ያነበዋል። የዋሸሽው እንደሆነ ኮምፒዩተሩ አይከራከርሽም፤ ውሸቱን ብረት ላይ ነው የምታገኚው።

አንድ ቀን ጠዋት ከጀልዴሳ ወዲያ ካለ የውሃ ጉድጓድ የመጣ፣ የመሳቢያውን ሞተር የሚያስነሣ ሞተረኛ ጆንያ ተሸክሞ በር ላይ ቆመ። ኦሮምኛና ሶማልኛ አፉን የፈታባቸው ናቸው፤ አማርኛን የገበያ ያህል ይችላል። ጆንያውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው። ለሁለት የተሰነጠቀ የአሉሚኒየም ሣጥን ወጣ፤ ውስጡ ደግሞ የብረት ተንሸራታች አለ።

«ይሄ ሞተሩን ልጓም የሚይዘው ነው» አለኝ። «ሲፈጥን ይይዘዋል፣ ሲዘገይ ይለቀዋል። አሁን ልጓም የለውም። ብተወው ያብዳል፣ አቦ። አጠፋሁት።»

«ውሃውስ?»

«ውሃው አለ፤ እታች ነው። ሴቶቹ አሸዋ ይቆፍራሉ። ግመል ይችላል፤ ላም ግን አይችልም። ዋላሂ እህቴ፣ ላም አታውቂም? ተኝታ ነው የምታይሽ።»

ሌላ ቦታ ጠይቆ መለዋወጫው ከውጭ ነው የሚመጣው ብለው እንደመለሱት ነገረኝ። ከውጭ የሚመጣ ነገር በዚያ ዘመን ምን ያህል እንደሚቆይ እሱም እኔም እናውቃለን።

ስብርባሪውን ገጣጥሜ በካሊፐር፣ በውፍረት መለኪያው፣ ለካሁት። ውጪው መቶ ስድሳ ሚሊሜትር በመቶ አሥር፣ ከፍታው ሠላሳ አራት ነው። ውስጡ ሃያ ስድስት የጠለቀ አራት ማዕዘን ጉድጓድ ሲሆን ተንሸራታቹ በዚያ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። የጉድጓዱ አራት ማዕዘኖች ሹል አይደሉም፤ ዞር ያሉ ናቸው። የዙሩ ራዲየስ አምስት ሚሊሜትር ነው፤ የተንሸራታቹም እንደዚያው። ተንሸራታቹ ከጉድጓዱ ጫፍ ሲደርስ ነዳጁ ይዘጋል። ካልደረሰ አይዘጋም። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው፤ የጉድጓዱ ማዕዘን ከአምስት በልጦ ከዞረ ተንሸራታቹ ጥጉ ውስጥ ሳይገባ ይነክሳል፣ ሞተሩም እብደቱ ላይ ይቀራል።

ድፍን አካሉን ኮምፒዩተሩ ላይ ሠርቼ ስጨርስ ሦስቱን ጥያቄ ለመመለስ አልተቸገርኩም። ከማሽኑ ጋር የመጣ አርባ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አንድ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ዕቃ ቤት ነበር። ከሱ ላይ መቶ ስድሳ ስድስት በመቶ አሥራ ስድስት ይቆረጥልኝ አልኩ፤ በየጎኑ ሦስት ሚሊሜትር የሚላጥ ማለት ነው፤ የመጋዝ ጠርዝ ቀጥ ብሎ አያውቅምና። ከውፍረቱ የሚተርፈው ስድስት፣ አንዱ ከላይ ይጠረጋል፤ አምስቱ ከታች ብረት ማሰሪያው ሞርሳ የሚጨብጠው ሆኖ ኋላ ተገልብጦ ይነሣል። መቁረጫ፣ ሆዱን ለማውጣት ባለ አሥራ ስድስት ሚሊሜትሩ፤ ግድግዳውንና ጥጉን ለመጨረስ ባለ ስምንቱ። ለራዲየስ አምስት ጥግ ባለ አሥር መቁረጫ ልክ ይሆናል የሚል ሰው አይጠፋም። ግን ልክ የሆነ መቁረጫ ጥጉ ውስጥ ገብቶ ይወሸቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግድግዳውን ይበላል። ባለ ስምንቱ ግን ጥጉን እየዞረ ያልፋል። ባለ ስምንት መቁረጫ የነበረን አንድ ብቻ ነው።

የወርክሾፑ ኃላፊ በዚያው ሰሞን ነው ወደ ንድፍ ክፍል የገባው። ከዕቃ ቤት ተነሥቶ በስብሰባ ያደገ ሰው ነው፤ ክፉ ነው ልል አልችልም። ሰው ሲያመሰግነው ብቻ ነበር የሚተነፍሰው። ከላይ እንግዶች ይመጣሉ ተብሏል፤ አዲሱን ማሽን ያያሉ።

«ጓድ፣ ለእንግዶቹ በእጅ የሚሰጥ ነገር ያስፈልጋል» አለኝ። «መተርኮሻ አስቤአለሁ። መሐሉ ላይ ኮከብ። ማሽኑ ኮከብ ይችላል?»

«ይችላል። ግን መጀመሪያ የውሃ ጉድጓዱ ዕቃ አለ።»

«እሱም ይሠራል፤ ማን ይከለክላል? ስንት በስንት ነው ያ ዕቃ?»

«ተሠርቶ ሲያልቅ መቶ ስድሳ በመቶ አሥር። ጥሬው ግን...»

«መቶ ስድሳ በመቶ አሥር» ብሎ በአፉ እያጠና ወጣ። ጥሬው የሚለውን በጀርባው ነው የሰማው። ተከትዬው ወጥቼ ደግሜ ነገርኩት። «ገባኝ፣ ገባኝ» አለኝ፤ ሰውየው ገባኝ ሲል ወሬው አልቋል ማለት ነው።

ድሬዳዋ በምሳ ሰዓት ትተኛለች። ፀሐይዋ ስትበረታ ሱቁም መሥሪያ ቤቱም ይዘጋል፤ ሰው ጥላ ፈልጎ ጋደም ይላል፤ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ እንኳ ቆሞ ያንቀላፋል። ከዕረፍቱ ስመለስ የሰሌዳው ቦታ ባዶ ነበር። ኃላፊው የመጋዙን ሠራተኛ ከእንቅልፉ አስነሥቶ ሰሌዳውን አስቆርጦታል። መጀመሪያ መተርኮሻዎቹን፤ ከዚያ የተረፈውን ለኔ። ኋላ እንደ ገባኝ፣ መቶ ስድሳ በመቶ አሥር ካለች አንድ ሁለት ሚሊሜትር ጨምረን ብንተውላት ይበቃታል፤ አንድ መተርኮሻ ይጨመርልናል ብሏል።

ብሎኩን አንሥቼ ለካሁ። ሁለቱ ጠርዞች የሰሌዳው የራሱ፣ ከፋብሪካ የመጡ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። በሌላው ረጅም በኩል መጋዙ ደህና ሄዷል፤ ወርዱ መቶ አሥራ ሁለት ወጣ። በሌላው አጭር በኩል ግን መጋዙ ተንሸዋሯል። ርዝመቱ በአንደኛው ጠርዝ መቶ ስድሳ ሁለት፣ በሌላው መቶ ሃምሳ ስምንት ተኩል። መጋዙን ያለ ማቀዝቀዣ ቸኩለው ገፍተውታል፤ ጠርዙ ላይ የቀለጠ አሉሚኒየም እንደ ንፍጥ ደርቆበታል። ንፍጥ ስል ለማጋነን አይደለም፤ ያንን ነው የሚመስለው።

«ምን ጎደለው?» አለኝ ኃላፊው።

«አንድ ጥግ ላይ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ጎድሏል።»

«አንድ ሚሊሜትር ተኩል!» ብሎ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አጠጋግቶ አሳየኝና ሳቀ። «ለዚህ ነው ፊትሽን እንዲህ ያጨፈገግሽው? መጽሐፍ ሲበዛ ዓይን ያጠብባል፣ እህቴ።»

ያን ቀን ከዚያ በላይ ብናገር ኖሮ የምናገረው ለወርክሾፕ የሚሆን አልነበረም።

መተርኮሻዎቹ ቀደሙ። የኮከቡን ጫፎች ሹል አድርጉልኝ ስላለ ወፍራም መቁረጫ አይሆንም፤ ባለ ስምንቱ ይግባ ተባለ። የማሽኑ ሠራተኛ በዕድሜ አባቴ የሚሆን፣ ከባቡሩ ጥገና ቤት የተረፈ ባለሙያ ነበር፤ ጋሼ ነበር የምለው። ባለ ስምንቱን መቁረጫ ወደ ብርሃን አንሥቶ እያየ፦

«ይቺን ልጅ ለዚህ ጋብቻ አልሰጥም ነበር» አለ።

«አይስጡ እንግዲያ።»

«አንቺ ደግሞ! እምቢ ብዬ ነገ ከማን ጋር ስብሰባ ልቀመጥ?»

ጥልቀቱን በየጥቂቱ እንዲወርድ አድርጌ ጥብጣቡን በስቼ ነበር። ላምባም እያንጠባጠብን ሁለት ሦስቱን በደኅና ጨረስን፤ አሉሚኒየም ላምባ ካልነካው መቁረጫው ላይ ይጣበቃል። ኃላፊው ግን ሊያይ መጣና የላምባው ሽታ ኮቱ ላይ እንዳይቀር ላምባውን አስቆመ። ቀጥሎም ፍጥነቱን የሚያበዛውን ማዞሪያ በራሱ እጅ ጠመዘዘው። ጋሼ «ጓድ፣ ጓድ» ሲል ሰማሁ። የአሉሚኒየሙ ፍቅፋቂ ከመቁረጫው ጥርስ ጋር ተበየደ፣ ድምፁ ከፉጨት ወደ ጩኸት ተለወጠ፣ ከዚያም ቀጭ የሚል ትንሽ ድምፅ ሰማን። ባለ ስምንቱ አንገቱ ላይ ተሰበረ። ጫፉ ኮከቡ ውስጥ ተተክሎ ቀረ።

ኃላፊው «የፈረንጅ ዕቃ እንዲህ ነው» አለና ሄደ። የቀሩትን ኮከቦች በምን ጨረሷቸው? በብረት መቅረጫና በመዶሻ። ያንን ቅጥቀጣ ክፍሌ ውስጥ ሆኜ ስሰማ ዋልኩ። ጥርስ የሚያሳክክ ነገር ነው።

ሞተረኛው በየቀኑ እየመጣ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ይቀመጥ ነበር። አይጨቀጭቅም፤ ይቀመጣል፣ ይጠብቃል። ባለ ስምንቱ የተሰበረ ዕለት በመስኮት ብቅ ብሎ፦

«እህቴ፣ ይሄ የሚያበራው ሣሕን ለምንድነው?»

«ለሲጋራ አመድ።»

«አመድ የሚጠጣበት?»

«የሚጣልበት።»

ወደ መሬቱ አየ፤ ሲጋራውን በጫማው ያጠፋ ሰው አለ። «መሬት ሞላ እንዴ?» አለኝ። ቀልዱ አላሳቀኝም፤ እሱንም አላሳቀው። «እኛ ጋ ሁለት ላም ወደቀች» አለ ቀጥሎ። «አንዷ የእናቴ ናት።»

በማግስቱ ኃላፊው አዲስ ሐሳብ ይዞ መጣ። የውሃ ጉድጓዱ ዕቃ ሲያልቅ እንዳይሰጥ፤ ጠረጴዛ ላይ፣ ከመተርኮሻዎቹ መካከል ይቀመጥ፤ እንግዶቹ ይዩት። «ለሰፊው ሕዝብ የምንሠራውን ማየት አለባቸው» አለ። እንግዶቹ መቼ እንደሚመጡ ጠየቅሁት። ቀኑ ተራዝሟል፤ ሲወሰን ይነገራል።

«ሰውየው ከብቶች እየሞቱበት ነው» አልኩ።

«ለአንድ ሰው ብለን ፕሮግራም አንሰብርም፣ ጓድ።»

ዕቃው ለሕዝብ እንደሚሠራ ለማሳየት ዕቃውን ከሕዝቡ መያዝ! ወጥቼ ቧንቧው ሥር ፊቴን ታጠብኩ፤ ውሃው እንደ ሻይ የሞቀ ነበር። እዚያው ቆሜ ነው ያሰብኩት።

ያ የጎደለ ጥግ የግድ የሆነ ቦታ ማረፍ አለበት። ሣጥኑ ሁለት ጫፍ አለው። አንደኛው ጫፍ ሞተሩ ላይ የሚያርፈው ነው፤ ከተገጠመ በኋላ ከደጋፊው ብረት ጀርባ ተሸፍኖ ለዓይን አይታይም። ሌላው ጫፍ የፊት ነው፤ በአሮጌው ሣጥን ላይ የሠሪው ምልክት የነበረበት፣ ሰው ሲያየው መጀመሪያ የሚያየው። ግድግዳው በሁለቱም በኩል ወፍራም ስለሆነ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ቢጎድል ዘይት አያፈስም፤ ብሎን አይነካም። ሁለቱንም ደጋግሜ አሰላሁ። ለሞተሩ ልዩነት የለውም። ብሎኩን ሞርሳው ላይ ዞር አድርጎ ማሰርና መነሻ ነጥቡን ከዚህኛው ማዕዘን ወደዚያኛው ማዛወር ብቻ ነው።

ጥሩ ሠሪ ጉድለቱን ይደብቀዋል። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ መስመሬ ካላረፈልኝ ወረቀቱን ቀድጄ ስጀምር የኖርኩ ነኝ። ያን ዕለት ግን የመጋዙ ንክሻ በፊት በኩል እንዲወጣ መነሻውን አስቀመጥኩ። ኃላፊው በራሱ እጅ ያበላሸውን ነገር ሰው ፊት አቁሞ እንዲያየው። እንደዚያ አስቀያሚ የሆነ ነገር ጠረጴዛው ላይ እንደማያኖር አውቀዋለሁ።

ጋሼ ብሎኩን ሞርሳ ውስጥ ሲያስር እንደ ልማዱ በግራና በቀኝ ነካ ነካ አድርጎ መሐሉን ሊያወጣ ነበር። የባቡሩ ቤት ወግ ነው፤ ጥሬው ትንሽ ሲሆን መነሻውን ከመሐል ይዘህ እጥረቱን ለሁለት ጎን ታካፍለዋለህ። ጥሩ ወግ ነው፤ ጥሬው ቀጥ ያለ ከሆነ።

«መሐል አይሆንም፣ ጋሼ» አልኩት። «አንዱ ጫፍ ጠማማ ነው። ከላይ ሲነኩትና ከታች ሲነኩት የሚያገኙት መሐል ሁለት የተለያየ መሐል ነው።»

«ታዲያ ከየት ልነሣ?»

«ከፋብሪካው ጠርዝ። አጭሩን ቀጥ ያለ ጠርዝ ጭራሽ አንልጠውም፤ እሱ ራሱ ዜሮ ይሁን። ረጅሙን ቀጥ ያለ ጠርዝ ከማይንቀሳቀሰው የሞርሳ መንጋጋ ጋር ያስደግፉት፤ ከሱ አንድ ሚሊሜትር ገባ ይበሉ። ከላይ አንድ ሚሊሜትር ወርደው ዜሮ። ከታች ሞርሳው አራት ብቻ ይጨብጥ፤ ዙሪያውን ስንቆርጥ መንጋጋውን እንዳንበላው።»

በጣቱ አየሩ ላይ አሰላው። «እንዲህ ካሰርነው» አለ ቀስ ብሎ፣ «ንክሻው ፊቱ ላይ ይወጣል።»

«ይወጣል።»

«ብናዞረው ኋላ ይገባ ነበር።»

«ይገባ ነበር።»

ጋሼ ወደ መተርኮሻዎቹ ጠረጴዛ አየ፤ ወደ ኒሙ ዛፍም አየ። «አንቺ ዝምተኛ ነሽ ይሉሻል» አለና ሞርሳውን አጠበቀ።

የቀረው የመቁረጫው ነገር ነበር። ከሁሉ ቀጭኑ የቀረን ባለ አሥራ ስድስቱ ነው። ባለ አሥራ ስድስት መቁረጫ የሚተወው ጥግ ራዲየሱ ስምንት ነው፤ ለአምስት የተሠራ ተንሸራታች ከጫፉ ሦስት ሚሊሜትር ያህል ሳይደርስ ይቆማል። ሦስት ሚሊሜትር ነዳጅ ሳይዘጋ ይቀራል ማለት ነው። ኃላፊው «ተንሸራታቹን ሞርዱት» ብሎ ነበር፤ ጥሩ ጤነኛ ብረት ሞርዶ ለታመመው ማስማማት። ተንሸራታቹ በእሳት ግሎ ተነክሮ የጠነከረ ነው፤ ሞረድ ቢነካው ሞረዱ ነው የሚያልቀው።

እኔ ያደረግሁት ይህን ነው። የባለ አሥር መሰርሰሪያ ጉድጓድ ራዲየስ አምስት ነው። ሆዱ ከመውጣቱ በፊት፣ ብሎኩ ገና ድፍን ሳለ፣ በአራቱም ጥግ ከሁለቱም ግድግዳ አምስት አምስት ገባ ብሎ አንድ አንድ ጉድጓድ እንዲሰረሰር አደረግሁ። ከዚያ ባለ አሥራ ስድስቱ ሆዱን ያወጣል። በመሰርሰሪያው ዙርና በመቁረጫው ዙር መካከል ግድግዳው ላይ የሚቀረው ጉርብጥ ከሚሊሜትር ሁለት አሥረኛ አይበልጥም፤ በቀጭን ሞረድ ይሄዳል። የመሰርሰሪያው ሹል አፍ ወለሉን ሦስት ሚሊሜትር ያህል ይወጋዋል፤ ከሥሩ አምስት ይቀራል፤ ይበቃል። ዋናው፣ መሰርሰሩም መፈልፈሉም ከዚያው ከአንዱ መነሻ መቆጠሩ ነው። ዕቃው ከሞርሳ ከወጣ በኋላ በዓይን ተሰርስሮ ቢሆን ኖሮ አንዱ ጥግ ገብቶ ሌላው ወጥቶ ነበር።

የሆነው ነገር ሁሉ ስላናደደኝ ይሁን አላውቅም፤ ያንን ጥብጣብ ሦስቴ ነው ያነበብኩት፣ ቀዳዳ በቀዳዳ። ማሽኑ ሲነሣ ላምባውን እኔ ራሴ አንጠባጠብኩ። ፍቅፋቂው እንደ በረዶ እየተበተነ ክንዴ ላይ ይለጠፋል፣ ይፋጃል። በመሐሉ መብራት ሄደ። መብራቱ እስኪመለስ ጋሼ ታቦት እንደሚጠብቅ ቄስ ማሽኑ አጠገብ ቆመ፤ እኔም ማንም ሞርሳውን እንዳይነካ ቆምኩ። መብራት ሲመለስ ከዚያው ዜሮ ቀጠልን።

ተገልብጦ ከታች የቀረው ከተነሣ በኋላ ጋሼ ጥጎቹን ሞርዶ ጨረሰ። ሞተረኛውን ጠራሁት። ተንሸራታቹን በካኪ ሱሪው ጠረገና ጉድጓዱ ውስጥ አስገባው። ገፋው። እስከ ጫፉ ሄዶ ቂው ብሎ ቆመ። መለሰው። በሌላው ጫፍም ቂው አለ። ከዚያ ጣቱ ፊት ለፊት ያለው የመጋዝ ንክሻ ላይ አረፈ፤ ሦስት ጣት ወርድ የሚያህል፣ ጥርስ ጥርስ የበዛበት።

«ይሄን ምን በላው?»

«ጅብ» አለ ጋሼ።

«የት አገር ጅብ ነው አሉሚኒየም የሚበላ?»

«እዚሁ፣ ቢሮ ውስጥ።»

ኃላፊው ይሄኔ ነው የደረሰው። ዕቃውን ከሰውየው እጅ ወስዶ ወደ ጠረጴዛው አመራና መተርኮሻዎቹ መሐል አስቀመጠው። ራቅ ብሎ አየው። ንክሻው ወደሱ ዞሮ ነበር።

«ይሄ ምንድነው?»

«መጋዙ የሄደበት ነው» አልኩት። «አንድ ሚሊሜትር ተኩል።»

ፊቱ እንደ ኮሶ ሆነ። ንክሻውን በጥፍሩ ጫረው፤ የደረቀው ንፍጥ ከጥፍሩ ሥር ገባ። «ስቱኮ ለቅልቁትና ቀለም ቀቡት» አለ።

«እንግዶቹ በእጃቸው ያነሡታል፣ ጓድ» አልኩ። «አዲስ የተወለወለ አሉሚኒየም ላይ ስቱኮ አይዝም፤ እጃቸው ላይ ይረግፋል።»

ውሸት አልነበረም። ካልተፋቀ አይዝም፤ መፋቅ እንደሚያስፈልገው ደግሞ ማንም አልነገረውም። እንግዳ በእጁ ስቱኮ ይዞ ቆሞ ሲያየው በዓይነ ኅሊናው መጣበት መሰለኝ፤ ዕቃውን በሁለት ጣት፣ የሞተ አይጥ እንደሚነሣ አንሥቶ ሰጠኝ።

«ከዚህ አጥፉልኝ። እንዲህ ያለ አስቀያሚ ነገር ከኛ ቤት ወጣ እንዳይባል። ለእንግዶቹ ኮምፒዩተሩ ላይ አሳያቸዋለሁ፤ እዚያ ላይ ንጹሕ ነው።»

ሞተረኛው ትከሻው ላይ የጣለውን ሽርጥ አውርዶ ዕቃውን ጠቀለለበት። በቀፊራ ገበያ በኩል ወደ ጀልዴሳ የሚወጣ የጭነት መኪና ነበርና ለመድረስ ተጣደፈ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ።

«እህቴ፣ ጅቡን አመስግኚልኝ» አለኝ። ነገሩ ገብቶታል።

ሞተሩ እንደተነሣ የሰማሁት ከዚያ መስመር ከሚመጡ የጭነት ረዳቶች ነው፤ ውሃው ይወጣል፣ የሞተሩ ድምፅም ሳይዋዥቅ ይሄዳል አሉ። የሰውየው እናት ላም ግን ከሞቱት ውስጥ ነበረች። አንዱን መተርኮሻ ብናዘገይ ትተርፍ ነበር ወይ የሚለውን አላሰላሁም፤ ለዚያ ስሌት ካሊፐር የለኝም።

እንግዶቹ በመጨረሻ መጡ። ኃላፊው ኮምፒዩተሩን አስከፈተኝና ሣጥኑን በአረንጓዴ መስመር እያዞረ አሳያቸው፤ መቶ ስድሳ በመቶ አሥር፣ አራት ማዕዘኑ ሁሉ ሙሉ፣ ምንም ያልነከሰው። አጨበጨቡ። አንዳቸውም ይህ ዕቃ አሁን የት ነው ብለው አልጠየቁም። ከዚያ መተርኮሻዎቹ በየሰዉ እጅ ተሰጡ፤ አንሥተው አይተው፣ ከበዳቸው መሰለኝ፣ ሻይ የጠጡበት ጠረጴዛ ላይ ትተዋቸው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት መስኮት ልከፍት ስገባ እዚያው ነበሩ። ከእንግዶቹ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ጫት ተቅሞ ኖሯል፤ ኮከቦቹ በገረባና በተተፋ አረንጓዴ ተሞልተዋል፤ ዝንብ ሰፍሮባቸዋል። በአንደኛው ኮከብ ጥልቅ ውስጥ የባለ ስምንቱ ስባሪ አሁንም ተተክሎ ያብለጨልጫል፤ ከዙሪያው ምራቅ ደርቋል። የፅዳት ሠራተኛዋ ላንሣው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መቁረጫው ይወጣ እንደሆነ ለማየት እጄን ዘርግቼ ነበር። መልሼ ሰበሰብኩትና «አንሺው» አልኳት።